ጅማ ላይ ለባለሱቅ የህይወት ኢንሹራንስ ስትሸጡ ወሬውን ከየት ትጀምራላችሁ? (የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ዝርዝር መመሪያ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ውስጥ ለትንንሽ ሱቆች የህይወት ኢንሹራንስ ስሸጥ ቆይቻለሁ፣ አሁን ደግሞ አዲስ የሚገቡ ወኪሎችን ይዤ ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ፣ እና ልጆቹ ሁሉ የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ መግቢያው ላይ። ስለ ፖሊሲው በደንብ ያውቃሉ፣ ታሪፉን ሸምድደውታል፣ ግን ባንኮኒው ጋ ቆመው አፋቸውን ሲከፍቱ ሁሉም ነገር እዛው ያበቃል። ስለዚ ዛሬ ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ትቼ ስለዛች መግቢያ ብቻ ነው የምጽፈው፣ ከሱቁ በር እስከ ቀጠሮ መያዝ ድረስ ያለችውን።

የማወራው ስለ ተርም ኢንሹራንስ ነው፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ አመት ገብተው በየአመቱ የሚያድሱት፣ ሰውየው በዛ ጊዜ ውስጥ ከሞተ ቤተሰቡ ገንዘቡን የሚያገኝበት፣ ካልሞተ ግን ምንም የማይመለስበት። አረቦኑ ቀላል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጠባ ያለበትን አይነት የምትሸጡ ከሆነ መግቢያው ትንሽ ይለያል፣ የደብተሩ ነገር ግን ለሁለቱም ይሰራል።

መጀመሪያ የተበላሸውን መግቢያ ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ሁላችንም ስልጠና ላይ የተማርነው እሱን ነው። ልጁ ይገባል፣ ጥቁር ቦርሳ አንጠልጥሏል፣ “ጤና ይስጥልኝ፣ ከኢንሹራንስ ነው የመጣሁት፣ ድንገት አንድ ነገር ቢሆኑ ልጆችዎ ምን ይሆናሉ ብለው አስበው ያውቃሉ?” ይላል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሴትየዋ ገና አንድ ሳሙና እንኳን አልሸጠችም። አንዷ “በስመአብ” ትላለች፣ ሌላው “አስተግፊሩላህ” ይላል፣ “በጠዋቱ ክፉ አታውራብኝ” ይባላል፣ በቃ አለቀ። በዛን ቀን ገበያ ከቀዘቀዘ ደግሞ ገደቢሱ እናንተ ናችሁ፣ ሁለተኛ በዛ በር አትገቡም። ሴትየዋ ስለ ልጆቿ አስባ አታውቅም ማለት አይደለም እኮ፣ ከናንተ በላይ ታስባለች፣ ግን የማታውቀው ሰው በጠዋት መጥቶ ሞቷን ሲጠራባት ሟርት ነው የሚሆንባት።

እኔ ከብዙ መሳሳት በኋላ የደረስኩበት ወሬው ከሞት ሳይሆን ከዱቤ ደብተሩ መጀመር አለበት የሚል ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንሂድበት።

ከመግባታችሁ በፊት፡ ቀኑና ሰዓቱ

ሐሙስ አትሂዱ። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ነው፣ ከገጠር ሰው ይገባል፣ ባለሱቁ አንገቱን ቀና የሚያደርግበት ጊዜ የለውም። አርብ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ብዙ ሱቅ ለጁምዓ ይዘጋል፣ ያልተዘጋውም ልጅ ነው የሚጠብቀው። ጠዋት እስከ ሶስት ሰዓት ዳቦ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል የሚገዛ ሰው ይበዛል። የኔ ሰዓት ከአራት እስከ አምስት ተኩል፣ ከዛ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አስር ተኩል ነው። በረመዳን ግን የከሰዓቱን ተዉት፣ ሰው ደክሞታል፣ አፉም ደርቋል፣ ቆማችሁ ብታስወሩት ግፍ ነው።

ሌላው ወቅቱ ነው። ጅማ ውስጥ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ቡና ሲለቀም ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር አካባቢ። ገበሬው ዱቤውን የሚከፍለው ያኔ ነው፣ የባለሱቁ ኪስም ያኔ ነው የሚሞላው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ግን ዝናቡ አለ፣ የትምህርት ቤት ወጪ እየመጣ ነው፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ግብር አለ። ህዳር ላይ ደስ ብሎት የገባ ሰው በየሶስት ወሩ እንዲከፍል ካደረጋችሁት ነሐሴ ላይ ያቋርጣል፣ ካቋረጠ ደግሞ ሽፋኑ የለም። ስለዚ መግቢያው ላይ ስለ ገንዘብ ስታወሩ በጭንቅላታችሁ መያዝ ያለባችሁ የነሐሴን ኪስ ነው።

አለባበስና ቦርሳ

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አይደለም። ጥቁር ቦርሳ፣ ፋይል፣ እስክሪብቶ ደረት ኪስ ላይ፣ ሁለት ሆኖ መሄድ፣ ይሄ ሁሉ ባንድ ላይ ሲታይ ገቢዎች መጡ ነው የሚመስለው። ባለሱቅ እናንተን ገና በሩቅ ሲያያችሁ “ንግድ ፈቃድ አሳይ ሊሉኝ ነው” ብሎ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ። አንድ ቀን መንደራ አካባቢ አንድ ሰልጣኝ ይዤ ስሄድ አንዱ ሱቅ ውስጥ ገብተን ሰላም ሳንል ባለቤቱ ደረሰኙን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋልን።

ስለዚ ብቻችሁን ሂዱ፣ ወይም ሁለተኛው ሰው ውጪ ይጠብቅ። በእጃችሁ አንዲት የታጠፈች ወረቀት በቂ ናት። ከብሄራዊ ባንክ የተሰጣችሁ የወኪልነት ፈቃድና የኩባንያው መታወቂያ ግን አንገታችሁ ላይ ወይም በቀላሉ የሚወጣበት ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ሲጠየቅ ፈልጎ ማጣት የለም። እና ደግሞ በምንም አይነት “በቀን ስንት ትሸጣላችሁ?” ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ እሱ የግብር ሰራተኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ውሸት ነው የሚሆነው።

የመጀመሪያው አስር ሰከንድ

ባንኮኒው ፊት ለፊት አትቁሙ። ወደ ጎን ሁኑ፣ ገዢ የሚቆምበትን ቦታ ክፍት ተዉት። ይሄ ብቻውን ባለሱቁን ያረጋጋዋል፣ ገበያውን እንደማትዘጉበት ያያል። ገዢ ከመጣ አረፍተ ነገሩ መሃል ላይም ብትሆኑ አቁሙ፣ ትንሽ ራቅ በሉ፣ ሸጦ ሲጨርስ ራሱ ወደናንተ ይዞራል። ሶስት ጊዜ ከተቋረጣችሁ ግን “ስራ ላይ ነዎት፣ ነገ በዚህ ሰዓት ልምጣ?” ብላችሁ ሂዱ። ገዢ እያስተናገደ የሰማ ሰው አልሰማም።

ሰላምታው ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። በእድሜ ከፍ ያለ ሰው ከሆነ እርስዎ ነው፣ ጋሼ፣ እትዬ። ሰውየው በኦሮምኛ የሚያወራ ከሆነ “አካም ቡልተኒ”፣ ከሰዓት ከሆነ “አካም ኦልተኒ” በሉ፣ ከዛ በላይ ካልቻላችሁ በዛው ቁሙና ወደ አማርኛ መልሱት፣ እንደቻላችሁ መምሰል ግን አያስፈልግም። “ሐጂ” ብላችሁ የምትጠሩት ሰፈሩ እንደዛ ሲጠራው ከሰማችሁ ብቻ ነው፣ ሐጅ ላላደረገ ሰው ማባበያ ይሆናል፣ እሱም ያውቅባችኋል።

ከዛ ማንነታችሁን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ “እንዴት አደሩ እትዬ፣ ከመንግስት አይደለሁም፣ የኢንሹራንስ ወኪል ነኝ፣ ዛሬ ምንም አላስፈርምም፣ ገንዘብም አልቀበልም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቄዎት ልሂድ።” አንዳንድ ሰው ኢንሹራንስ የሚለውን ቃል ደብቅ ይላል፣ እኔ አልስማማም። ኋላ ላይ ሲወጣ እንደተታለሉ ነው የሚቆጥሩት። በዛ ላይ ከዚህ በፊት ብር ሰብስቦ የጠፋ ሰው በየሰፈሩ አለ፣ ባለሱቁም ያስታውሰዋል፣ “ገንዘብ አልቀበልም” የምትለው ቃል የምትመልሰው ለዛ ፍርሃት ነው። ስላላችሁም አድርጉት፣ መጀመሪያ ቀን “እንካ በቃ ያዝ” ቢሏችሁ እንኳን አትቀበሉ።

ጥያቄው

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ባንኮኒው ስር ወይም መደርደሪያው ጎን አንድ ደብተር አለ፣ ካሬ ካሬ ያለው የሂሳብ ደብተር፣ ጥጉ በዘይት የተለወሰ፣ እስክሪብቶው በክር ታስሮ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ። ዱቤ የማይሰጥ የሰፈር ሱቅ የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ይሄ ነው፦

“ይሄን የዱቤ ደብተር ከርስዎ ውጪ ማን ያነበዋል?”

በቃ። ከዛ ዝም በሉ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ያለችው ዝምታ ናት ሙሉ ስራውን የምትሰራው፣ አዲስ ወኪል ግን ዝምታ ስለሚያስፈራው ወዲያው ማብራራት ይጀምራል፣ ያበላሸዋል።

ለምን ይሰራል መሰላችሁ፣ ደብተሩ ውስጥ ያለውን ስለማውቅ ነው። ስም የለበትም። “ቀዩ ባጃጅ 340”፣ “የላይኛው ግቢ ዘበኛ 120”፣ “የመንታዎቹ እናት 615”፣ “ረጅሙ ተማሪ 85”። ቀዩ ባጃጅ ማን እንደሆነ የምታውቀው ባለሱቋ ብቻ ናት፣ ባሏም አያውቅም፣ ልጇም አታውቅም። ጥያቄውን ስትጠይቋት ስለ ሞት አላወራችሁም፣ ግን እሷ ራሷ ታስበዋለች፣ “እኔ ከሌለሁ ይሄ ብር የለም ማለት ነው” ብላ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ፣ “ከኔና ከፈጣሪ በቀር ማንም” ይላሉ። ሌሎቹ ደብተሩን አንስተው ያገላብጡታል። ደብተሩን ካነሱ መግቢያው ተከፍቷል ማለት ነው።

ከዛ ሁለተኛውን ጥያቄ ለስለስ አድርጋችሁ ታስከትላላችሁ፦ “እርስዎስ ከጅምላ በዱቤ ያነሳሉ?” አብዛኛው ያነሳል፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ በሳምንት ወይም በአስራ አምስት ቀን የሚከፈል። አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ከሰው የምትቀበለው ብር የተጻፈው እሷ ብቻ የምታነበው ደብተር ላይ ነው፣ እሷ ያለባት ብር ግን የጅምላው ነጋዴ ደብተር ላይ በሙሉ ስሟ ከነስልኳ ተጽፏል። ይሄን እናንተ መግለጽ አይጠበቅባችሁም፣ ባለሱቅ ናት፣ ሂሳቡን ከናንተ በፊት ሰርታዋለች። ስንት እንዳለባት አትጠይቁ። ብሩን ራሷ ከነገረቻችሁ ስሙ፣ ወረቀት ላይ ግን አትጻፉት፣ ስትጽፉ ካየች እንደገና ገቢዎች ሆናችሁ።

ወደ እድር መሻገር

እዚህ ጋ ከአስሩ ስምንቱ ራሳቸው “እድር አለኝ እኮ” ይላሉ። አዲስ ወኪል ይሄን እንደ ተቃውሞ ይወስደውና እድርን ማሳነስ ይጀምራል፣ “እድር የሚሰጠው ትንሽ ነው” ምናምን። ይሄን በፍጹም እንዳታደርጉ። እድር የሰውየው ክብር ነው፣ ጎረቤቱ ነው፣ ያለ እድር መቀበር ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የምትሉት ይሄን ነው፦

“እድርማ ዋናው ነው፣ እንዳይለቁት። እድር ድንኳኑን ይተክላል፣ ይቀብራል፣ ለቅሶ ተቀማጩን ያስተናግዳል። እኔ የያዝኩት ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ላለው ነው፣ ጅምላው ሂሳቡን ሲጠይቅ፣ አከራዩ ሲመጣ፣ ሱቁ በሩ ተከፍቶ እንዲቆይ።”

“ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ” የምትለዋ ቃል እንዳትጠፋባችሁ። “ቢሞቱ” አላልንም፣ ግን ሁሉም ሰው ድንኳን ሲነቀል አይቷል፣ በአራተኛው ቀን ቤቱ ጭር ሲል፣ ወንበሩ ተጭኖ ሲሄድ። ከዛች ቀን በኋላ ያለውን ኑሮ የሚሸፍን ነገር ሰፈር ውስጥ እንደሌለ ያውቃሉ። ማይክሮ ፋይናንስ የተበደሩ ከሆነ ደግሞ “ከብድሩ ጋር ኢንሹራንስ ቆርጠውብኛል” ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ትክክል ናቸው፣ ግን እሱ የሚከፍለው የብድሩን ቀሪ ለአበዳሪው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለቤተሰቡ የሚተርፍ የለውም። ይሄን ሳትጨቃጨቁ “ውሉን እስኪ አብረን እናየዋለን” በሉና እለፉ።

ዋጋውን ስትናገሩ፣ እና የማይመለስ መሆኑን

አንድ ቁጥር ብቻ ተናገሩ፣ የአመቱን። ስልጠና ላይ “በቀን አራት ብር ብቻ፣ ከአንድ ማስቲካ ያነሰ” በሉ ይባላል። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን በቀን አራት ብር ማንም አይቀበላችሁም፣ የሚከፈለው ባንዴ ወይም በየሶስት ወሩ ነው። ሰውየው አራት ብር ሰምቶ ሺህ ምናምን ብር ክፈል ሲባል የተሸወደ ነው የሚመስለው። ባለሱቅ ደግሞ የችርቻሮን ዘዴ ከናንተ በላይ ያውቃል፣ እሱም ዘይትን በመለኪያ ነው የሚሸጠው እኮ።

ከቁጥሩ ጋር አያይዛችሁ፣ ትንፋሽ ሳትወስዱ፣ ይሄን ጨምሩ፦ “ይሄ ቁጠባ አይደለም፣ እቁብም አይደለም። አመቱ በሰላም ካለፈ ብሩ አይመለስም።”

ይሄን የምነግራችሁ ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው። ስጀምር ይሄን አረፍተ ነገር እየዘለልኩ ነበር የምሸጠው፣ ውሉ ላይ ተጽፏል፣ ኋላ ያነቡታል ብዬ። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ ትልቅ ሰው በአመቱ ጠሩኝና “የኔ ተራ መቼ ነው?” አሉኝ። እቁብ መስሏቸው ነበር። አልዋሸኋቸውም፣ ግን አልነገርኳቸውም፣ እሳቸው ላይ የደረሰው ያው ነው። በዛ ተራ ላይ ያሉት ሱቆች በሙሉ ሰሙ፣ ከዛ በኋላ እዛ መስመር ላይ አንድም ሰው አልሸጥኩም፣ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። አሁን መጀመሪያ ቀን እናገረዋለሁ፣ አንዳንዱ “ታዲያ ምን ያደርግልኛል” ብሎ ይተወዋል፣ ይተወው። የሚቀረው ሰው በአመቱ ያድሳል።

ሁለት ነገር ከተነሳ

አንደኛው ሃይማኖት ነው። አንድ ሙስሊም ባለሱቅ “ይሄ ለኛ አይፈቀድም” ካለ አትከራከሩ፣ የእናንተ ቦታ አይደለም። ብሄራዊ ባንክ ተካፉል ማለትም ከወለድ ነፃ የሆነ መድን እንዲሰራ መመሪያ አውጥቷል፣ ኩባንያችሁ እሱ ካለው “በተካፉል አለን፣ የሚያምኑትን ኡስታዝ ጠይቀው ይወስኑ” በሉ፣ ከሌለው “እኛ ጋ የለም” ብላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ተካፉል ያልሆነውን “ያው ነው” ብሎ መሸጥ ሰውን በእምነቱ ማታለል ነው።

ሁለተኛው በሽታ ነው። “ስኳር አለብኝ”፣ “ደም ግፊት አለብኝ” የሚል ሰው ሲገጥማችሁ “ችግር የለውም፣ አይጻፉት” እንዳትሉ። በንግድ ህጉ መሰረት እያወቀ የደበቀ ወይም ውሸት የሞላ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣል፣ ማለትም አመታት ከፍሎ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ያኔ እናንተን ነው የሚፈልጉት። “ቅጹ ላይ እንጽፈዋለን፣ ኩባንያው ያየዋል፣ አረቦኑ ሊጨምር ወይም ላይቀበል ይችላል” በሉ፣ ይሄው ነው።

መዝጊያው ፊርማ ሳይሆን ቀጠሮ ነው

የመጀመሪያው ቀን የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፣ ባልና ሚስቱ አብረው የሚቀመጡበት ሰዓት። “ባለቤቴን ላማክር” ሲሉ ብዙ ወኪል ይከፋዋል፣ ለኔ ግን የምፈልገው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ተጠቃሚ ሆኖ ስሙ የሚጻፈው ሰው ከመጀመሪያው ካልሰማ ውሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሳያውቀው ይቀራል። “ማታ ሱቅ ሲዘጉ ስንት ሰዓት ነው? አስር ደቂቃ ይበቃኛል” በሉ፣ ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ ያዙ፣ “አንድ ቀን እመጣለሁ” ቀጠሮ አይደለም።

ነገሩ እንዳልያዘ እንዴት ታውቃላችሁ? “እሺ እሺ እሺ” ሲበዛ፣ ጥያቄ ሳይጠይቁ “ወረቀትህን ተውልኝ” ሲሉ፣ ወይም እናንተ እያወራችሁ እሷ መደርደሪያ መወልወል ስትጀምር። ያኔ አመስግናችሁ ውጡ። እንደያዘ የሚያሳየው ጥያቄ ነው፣ በተለይ “ታዲያ ብሩን ማን ነው የሚወስደው?” የሚለው።

አንድ ሙሉ ምሳሌ

ቆጪ ውስጥ ያለች አንዲት ባለሱቅ ጋ የሆነውን ልጻፍላችሁ። አርባ አመት ይሆናታል፣ ሶስት ልጆች አሏት፣ ባሏ ሹፌር ነው። ማክሰኞ አራት ሰዓት ገደማ ገባሁ፣ ወደ ጎን ቆምኩ፣ ከመንግስት እንዳልሆንኩ ተናገርኩ። ስለ ደብተሩ ስጠይቃት ከት ብላ ሳቀች፣ “እኔ ራሴ አንዳንዴ አላነበውም” አለችኝ። ዝም አልኩ። አንድ ልጅ መጥቶ ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዝቶ ሄደ። ከዛ ደብተሩን አነሳችና ገልጣ አየችው፣ “ባለፈው ታምሜ ሁለት ሳምንት ተኝቼ ልጄ ሱቁን ይዛ ነበር፣ አንድም ሰው ዱቤ አልከፈላትም” አለች። ይሄን እኔ ብናገረው ማስፈራሪያ ነበር የሚሆነው፣ ከሷ አፍ ሲወጣ ግን የራሷ ኑሮ ነው። እድር አለኝ አለች፣ የድንኳኑን ነገር ነገርኳት፣ የአመቱን አንድ ቁጥር ተናገርኩ፣ እንደማይመለስም ተናገርኩ። “ብሩን ማን ይወስዳል?” አለችኝ። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ አልሆነም፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ባሏ ባለበት ተቃጠርን።

ቅዳሜ ማታ ሂሳቡን እሷው ደመረችው። ከሁለት ጅምላ ያነሳችው 46,000 ብር አለባት። ከሰው የምትቀበለው ዱቤ 31,000 ነው፣ ግን እሷ ከሌለች ግማሹ እንኳን አይገኝም አለች፣ 15,000 ብለን ያዝን። ስለዚ የሚቀረው እዳ 31,000 ነው። የሱቅ ኪራይ 5,000፣ የቤት ወጪ በወር 12,000፣ ቤተሰቡ እስኪረጋጋ ስድስት ወር ብንል 102,000። ድምሩ 133,000። ሱቁ ውስጥ ያለውን እቃ አልቀነስንም፣ እሱ ከተሸጠ ሱቁ የለም። ባሏ 300,000 ይሁን አለ፣ እኔ ነሐሴ ላይ ልትከፍሉት ትችላላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። 150,000 ላይ ተስማሙ። ለስሌቱ በሺህ ብር 9 ብር በአመት ብለን እንያዝ (የናንተ ኩባንያ ታሪፍ በእድሜና በጤና ይለያያል፣ ሰንጠረዡን እዩ)፣ 150 ጊዜ 9 ሲሆን 1,350 ብር በአመት ነው። በየሶስት ወሩ 337 ብር ከ50 ሊሆን ይችል ነበር፣ እሷ ግን ታህሳስ ላይ የገጠር ዱቤ ስለሚገባላት ባንዴ ልክፈል አለች። ብሩን በኔ እጅ አልሰጠችም፣ ቀጥታ ወደ ኩባንያው ሂሳብ አስገብታ ደረሰኙን ይዛለች፣ ሁሌም እንደዛ አድርጉ።

ተጠቃሚው ጋ ስንደርስ “ወራሾቼ ብለህ ጻፈው” አለች፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚለው። እዚህ ጋ ቆም በሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ መሰረት ተጠቃሚው ተለይቶ ካልተጻፈ ወይም ዝም ብሎ ወራሾች ከተባለ ገንዘቡ የውርስ ንብረት ውስጥ ይገባል፣ ያ ማለት መጀመሪያ ፍርድ ቤት፣ የወራሽነት ማስረጃ፣ አበዳሪም ከዛው ሊጠይቅ ይችላል። ስም ተለይቶ ከተጻፈ ግን ውርስ ውስጥ አይገባም፣ በቀጥታ ለተጻፈው ሰው ነው። ስለዚ የባሏን ሙሉ ስም እስከ አያት ድረስ መታወቂያው ላይ እንዳለው ጻፍን፣ የውሉ አንድ ኮፒ የት እንደሚቀመጥም ለትልቋ ልጅ አሳየናት።

ከሶስት ሳምንት በኋላ ፖሊሲውን ላደርስላት ስሄድ ደብተሩ እንደተለመደው ባንኮኒው ላይ ተገልጦ ነበር። “ቀዩ ባጃጅ 340” ከሚለው ጎን በሰማያዊ እስክሪብቶ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ከስሩ ያሉትም እንደዛው፣ ጽሁፉ የልጅቷ ነው።